ቴሌቪዥኑ ላይ ክብ ነገር ይፈልጉ

በድሮ ጊዜ ለኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተቀረጸ ዘፈን በዛሬው ሰፊ ስክሪን ሲታይ ብዙ ጊዜ ዘፋኙ ወፍሮ፣ ተወዛዋዦቹ አጥረው፣ የከበሮው አፍም ሞላላ ሆኖ ይመጣል። ይህን ልብ የሚል ሰው ብዙ አይደለም። ጭቅጭቅ የሚነሳው ምስሉ በትክክለኛ ቅርጹ መጥቶ ግራና ቀኙ ሲጠቁር ነው። «ይህን ሁሉ ብር ከፍለን የገዛነው ስክሪን ለምን ባዶ ይሆናል?» ይባልና ጥቁሩ እስኪጠፋ ድረስ የሪሞቱ ቁልፎች ይነካካሉ። በመጨረሻ ጥቁሩ ይጠፋል፤ ሰዎቹ ግን ይወፍራሉ።

ነገሩ ያለው በወርድና በቁመት ምጣኔ ላይ ነው። የድሮው ቴሌቪዥን 4:3 ነበር፤ ቁመቱ ሦስት ስንዝር ቢሆን ወርዱ አራት ስንዝር ይሆናል ማለት ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርም ሆነ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የተቀረጸው በዚሁ ቅርጽ ነው። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ቴሌቪዥን ግን 16:9 ነው። 43 ኢንች የሚባለውን ብንወስድ የስክሪኑ ወርድ 95 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 53 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። አሮጌው ምስል ከላይ እስከ ታች ሞልቶ ሲቀመጥበት ወርዱ 71 ሴንቲ ሜትር ላይ ያልቃል። የተረፈው 24 ሴንቲ ሜትር ለሁለት ተከፍሎ በግራ 12፣ በቀኝ 12 ይሆናል። ጥቁሩ ይኸው ነው። ከምስሉ የተደበቀ ምንም የለም፤ ካሜራው ያን ያህል ወደ ጎን ስላላነሳ የሚታይ ነገር አልተገኘም።

ያን 24 ሴንቲ ሜትር መሙላት ከተፈለገ ቴሌቪዥኑ ያለው ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው 71ን ወስዶ 95 ድረስ መለጠጥ ነው፤ ያኔ ሁሉም ነገር ወደ ጎን በሲሶ ይሰፋል። ሁለተኛው ምስሉን ቅርጹን ሳያዛባ ማሳደግና ከላይና ከታች የተረፈውን መቁረጥ ነው፤ ዙም የሚባለው ይህ ነው። በዙም ሰዎቹ አይወፍሩም፣ ግን የምስሉ ቁመት ሩብ ይጠፋል። የዘፋኙ ግንባርና ከታች የተጻፈው ስሙ አብረው ይሄዳሉ። ሦስተኛው ምርጫ ጥቁሩን መተው ሲሆን፣ እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው እሱን ነው። ጥቁሩ ቴሌቪዥኑን ያበላሻል ብለው የሚሰጉ አሉ፤ በተለመደው ኤልሲዲ ወይም ኤልኢዲ ስክሪን ላይ ግን ምንም አያደርግም።

ምስሉ ተለጥጧል ወይስ አልተለጠጠም የሚለውን በዓይን ግምት መጨቃጨቅ አያስፈልግም። ክብ መሆኑ በእርግጥ የሚታወቅ፣ ፊት ለፊት የተቀረጸ ነገር ይፈልጉ፤ የግድግዳ ሰዓት ወይም የከበሮ አፍ ይሆናል። ምስሉን አቁመው በማስመሪያ ይለኩት። ቁመቱ 18፣ ወርዱ 24 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 24 ለ18 ሲካፈል 1.33 ይመጣል። ይህ ቁጥር የ4:3 ምስል 16:9 ስክሪን ላይ በግድ መለጠጡን ይናገራል። ተገላቢጦሽ ሆኖ ቁመቱ 24፣ ወርዱ 18 ከሆነ ደግሞ ሰፊው ምስል ጠባብ ቅርጽ ውስጥ ተጨምቋል፤ ሰዎች ቀጥነውና ረዝመው የሚታዩት ያኔ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ጥቁር ኖረም አልኖረም ቅርጹ ጤነኛ ነው።

ቅርጹ ከተዛባ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ማን አዛባው የሚለው ነው። ዲሽ ባለበት ቤት ምስሉ ሦስት እጅ ያልፋል። ጣቢያው ሲያሰራጭ፣ ሪሲቨሩ ሲቀበል፣ ቴሌቪዥኑ ሲያሳይ እያንዳንዳቸው ሊለጥጡት ይችላሉ። አብዛኛው ሰው ጥፋቱ የሪሲቨሩ ሆኖ ሳለ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ያነሳል። የተለጠጠው አሮጌ ፕሮግራም በቴሌቪዥኑ 4:3 ላይ ሲደረግ ይስተካከላል፤ ጣቢያ ሲቀየር ደግሞ ዜና አንባቢዋ ቀጥና ትመጣለች። እንደገና ወደ 16:9፣ እንደገና ወደ 4:3 እያሉ ማምሸት ነው።

አጥፊውን የሚያጋልጥ ቀላል መንገድ አለ፤ የሪሲቨሩን ሜኑ መክፈት ነው። የቴሌቪዥኑ የራሱ ሜኑ ዙም ቢደረግም ባይደረግም ቅርጹን አይለውጥም፤ ስለዚህ ለዚህ ምርመራ አይረዳም። የሪሲቨሩ ሜኑ ግን ከምስሉ ጋር በአንድ ገመድ ነው የሚመጣው፤ ቴሌቪዥኑ ምስሉን ከቆረጠ ሜኑውንም ይቆርጠዋል። የሜኑው ጠርዝ ከስክሪኑ ውጭ ካለፈ ወይም ሜኑው ራሱ ጠብቦ መሃል ላይ ከቆመ ጥፋቱ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው ብለው ይጀምሩ። ሜኑው ስክሪኑ ላይ ልክ ብሎ ተቀምጦ ከጀርባው ያለው ዘፋኝ ብቻ ከወፈረ ግን የቴሌቪዥኑን ሪሞት ያስቀምጡት።

እንግዲህ ከበሮው 18 በ24 የወጣበትን ያን ዘፈን ይዘን እንሂድ። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን `16:9` ላይ ያድርጉትና ከዚያ በኋላ አይንኩት። ቦታው የሚገኘው ምስል በሚለው ሜኑ ሥር ነው፤ እንደ አምራቹ `Picture Size` ወይም `Aspect Ratio` ተብሎ ይጻፋል። ቀጥሎ የሪሲቨሩን ሜኑ ከፍተው የቴሌቪዥን ወይም የምስል ማስተካከያ ወደሚለው ክፍል ይግቡ። እዚያ `Aspect Ratio` ወይም `Aspect Mode` የሚል መስመር አለ፤ ብዙ ጊዜ ከፊቱ `Auto`፣ `16:9`፣ `4:3 LB` እና `4:3 PS` የሚሉ ምርጫዎች ይደረደራሉ። 4:3 ያለባቸው ሁለቱ ለአሮጌው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ሰፊውን ምስል ከላይና ከታች ጥቁር ጨምሮ ያስገባዋል፣ ሌላው ጎንና ጎኑን ቆርጦ ያስገባዋል። ሰፊ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ሁለቱንም አይፈልጋቸውም።

የሚቀሩት `Auto` እና `16:9` ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከስርጭቱ ጋር አብሮ የሚመጣ «ይህ ምስል 4:3 ነው» ወይም «16:9 ነው» የሚል ምልክት አለ። `Auto` ያንን አንብቦ ለእያንዳንዱ ምስል ቅርጹን ይጠብቃል። በአንዳንድ ርካሽ ሪሲቨሮች `16:9` ሲመረጥ ግን ምልክቱ ተትቶ ሁሉም ምስል ስክሪኑን እስኪሞላ ይለጠጣል። ስለዚህ በመጀመሪያ `Auto`ን ይሞክሩ፤ ከበሮውን እንደገና ይለኩ። 18 በ18 ከመጣ፣ ግራና ቀኙ 12 ሴንቲ ሜትር ከጠቆረ፣ ሥራው አልቋል። ሪሲቨሩ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ባለው በአሮጌው ገመድ ከተያያዘ ግን ምልክቱ ቴሌቪዥኑ ዘንድ ላይደርስ ይችላል። በኤችዲኤምአይ ገመድ መቀየር ብዙውን ግራ መጋባት ያስወግዳል።

ምርጫዎቹ ሁሉ ተሞክረው ከበሮው ሞላላ ሆኖ ከቀረ ምስሉ የተለጠጠው ጣቢያው ውስጥ ነው፣ ወይም ቪዲዮውን ዩቲዩብ ላይ የጫነው ሰው ዘንድ ነው። አሮጌ ዘፈኖች ላይ ይህ በብዛት ይታያል። እንዲህ ላለው ብቻ የቴሌቪዥኑን 4:3 ለጊዜው መጠቀም ያስኬዳል፤ የተለጠጠውን መልሶ ይሰበስበዋል። ፋይሉ ኮምፒውተር ላይ ካለ በቪኤልሲ ከፍተው `A` የሚለውን ፊደል ደጋግመው ቢጫኑ ምጣኔዎቹ በየተራ ይለዋወጣሉ፤ `4:3` ሲደርስ ይቁሙ።

ዙምን ሳነቅፍ ቆየሁ እንጂ በትክክል የሚጠቅምበት አንድ ቦታ አለ። አንዳንድ ጊዜ ጥቁሩ በአራቱም ማዕዘን ይዞራል፤ ምስሉ ትንሽ ሆኖ መሃል ላይ ይቀመጣል። ይህ የሚሆነው ሰፊ ምስል 4:3 ውስጥ ገብቶ፣ ያ 4:3 ደግሞ ተመልሶ ሰፊ ስክሪን ላይ ሲቀመጥ ነው። በ43 ኢንቹ ላይ ምስሉ 71 በ40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ዙም በሲሶ ሲያሳድገው 95 በ53 ሆኖ ስክሪኑን ልክ ይሞላዋል፣ የሚቆረጠው ጥቁሩ ብቻ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ዙሙ ተረስቶ መቅረቱ ነው። ኳስ በሚያሳዩ ካፌዎች ውጤቱ የሚጻፍባት የማዕዘን ሳጥን ግማሿ ተቆርጣ ካዩ፣ አንድ ሰው ትናንት ዙም አድርጎ ሳይመልሰው ሄዷል።

ዙም ሳይደረግም ጠርዙ በጥቂቱ የሚቆረጥበት ጊዜ አለ። የድሮ ቱቦዎች የምስሉን ዳር ይደብቁ ስለነበር ያ ልማድ በአዲሶቹም ላይ ተርፏል። ከስር የሚሮጠው ጽሑፍ ግማሹ ከጠለቀ በሳምሰንግ `Screen Fit` ወይም `Fit to Screen`፣ በኤልጂ `Just Scan` የሚለውን ይፈልጉ።

ያው የሚሮጠው ጽሑፍ ሌላም ነገር ያጋልጣል። አንዳንድ ቴሌቪዥኖች መሃሉን ሳይነኩ ዳርና ዳሩን ብቻ የሚለጥጡበት ምርጫ አላቸው። መሃል የቆመ ሰው ደህና ስለሚመስል ሰው ይወደዋል። ፊደሎቹን ከቀኝ ወደ ግራ ሲሮጡ ይከታተሏቸው፤ ሲገቡ ሰፍተው፣ መሃል ላይ ጠበው፣ ሲወጡ እንደገና ከሰፉ ይህ ምርጫ በርቷል።

የፊልም ነገር ለየት ይላል። ሲኒማ ቤቶች ቴሌቪዥን ተመልካቻቸውን ሲወስድባቸው ስክሪናቸውን ወደ ጎን ማስፋት ያዙ፤ ሲኒማስኮፕ የመጣው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም ብዙ ፊልም ወርዱ የቁመቱን 2.39 እጥፍ ሆኖ ይሠራል። ይህ ከ16:9 ስለሚሰፋ ጥቁሩ ከላይና ከታች ይመጣል፤ በ43 ኢንቹ ላይ እያንዳንዱ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዙም ቢሞላ ከወርዱ ሩብ ያህል ይቆረጣል። ሁለት ሰዎች ጥግና ጥግ ሆነው በሚነጋገሩበት ትዕይንት ባዶ ጠረጴዛ ብቻ ሊያዩ ይችላሉ።

ስልክ ላይም ሒሳቡ ያው ነው። ብዙ አዳዲስ ስልኮች 20:9 ናቸው፤ የዩቲዩብ ቪዲዮ በአብዛኛው 16:9 ስለሆነ ስልኩ ሲጋደም ጎንና ጎኑ ይጠቁራል። በሁለት ጣት ስክሪኑን ከፈት ቢያደርጉት ይሞላል፣ በምትኩ ከቁመቱ አንድ አምስተኛ ይሄዳል። ቪዲዮው ላይ የታተመ የትርጉም ጽሑፍ ካለ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው፤ ሁለቱን ጣት መልሰው ቢያቀራርቧቸው ይመለሳል።