የድረ ገጹ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

ኦክላንድ ያለ አንድ እድር የድረ ገጹን ስም ያጣው ገንዘብ ጎድሎት አልነበረም። ስሙን ያስመዘገበለት ባለሙያ በራሱ ስምና ኢሜይል ስላስመዘገበው፣ ሰውየው ስቴት ቀይሮ ሲሄድ የዕድሳቱ ማስታወቂያ ለእድሩ ሳይደርስ ቀረ። ለመዝጋቢው ኩባንያ ባለቤቱ Registrant በሚለው ቦታ የተጻፈው ነው፤ ገንዘቡን ማን እንዳዋጣ አይጠይቅም።

እድሩ እንደገና ሲነሣ፣ ሳን ሆዜ ለሚኖር በግሉ ለሚሠራ ባለሙያ የሚላከውን ደብዳቤ እኔ አረቀቅሁ። ውድ አንባቢያን ቢጠቅማችሁ ፍሬ ነገሩን ላካፍላችሁ።

«ስንት ያስከፍላሉ?» ብቻ ብሎ ለጠየቀ ሰው ቁርጥ ያለ ዋጋ መስጠት አይቻልም። ስለዚህ ሥራውን እንዲህ ወሰንን፦ «አምስት ገጾች፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፤ አማርኛው በሥዕል ሳይሆን በዩኒኮድ ፊደል ይጻፍ፤ በእጅ ስልክም በደንብ ይነበብ። እርማቱ ሁለት ዙር ነው፤ ከዚያ ላለፈው የሰዓት ዋጋዎን ይንገሩን። የአንድ ጊዜ ሥራውንና በየዓመቱ የሚከፈለውን ለየብቻ ይጻፉልን።»

የሥራ መዘግየት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጽሑፍና ፎቶ ካላቀረበው አሠሪ ነው። በመሆኑም ቀኑን ከእኛ ርክክብ ጋር አሰርነው፦ «ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ ከሰጠንዎት በኋላ ረቂቁ በሦስት፣ ጠቅላላው በስድስት ሳምንት ይድረሰን። እኛ በሳምንት ብንዘገይ የእርስዎም ቀን በሳምንት ይገፋል።» ክፍያው በሦስት ተከፈለ፤ የመጨረሻው ሲሶ በርክክብ ቀን ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ2025 ጥር ጀምሮ እንዲህ ያለው የ250 ዶላርና ከዚያ በላይ ሥራ የጽሑፍ ውል ያስፈልገዋል፤ የክፍያ ቀን ካልተጻፈ ሥራው ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ መከፈል አለበት።

ዋናው አንቀጽ ይህ ነው፦ «የዶሜይን ስሙና የሆስቲንጉ አካውንት በእድሩ ስም፣ ኢሜይልና ካርድ ይከፈታሉ፤ ለእርስዎ የራስዎ መግቢያ ይሰጥዎታል። ክፍያው ሲጠናቀቅ የቅጅ መብቱን ለእድሩ በፊርማ ያስተላልፋሉ።» ፊርማው ለወግ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 አንድ ድርጅት ያሠራውን ሐውልት ቀራፂ እንደ ተቀጣሪ ሊቆጥረው አልፈቀደም። በሕጉ መሠረት ተቀጣሪ ያልሆነ ሰው የሠራው ነገር መብት ስለተከፈለው ብቻ ወደ ከፋዩ አይዞርም፤ አሠሪው የመጠቀም ፈቃድ ሊኖረው ይችላል፣ ባለቤትነት ግን የተፈረመ ጽሑፍ ይጠይቃል።

የመጨረሻው ሲሶ ከመከፈሉ በፊት ፈተናው ቀላል ነው። የስሙ ባለቤት በአደባባይ መዝገብ ላይ ብዙ ጊዜ ስለሚሸፈን፣ አካውንቱ ውስጥ ራሳችሁ ገብታችሁ ተመልከቱ። ከዚያም የይለፍ ቃሉ እንዲቀየር ጠይቁና መልእክቱ የማን ኢሜይል ላይ እንደደረሰ እዩ። ያ ኢሜይል የሊቀ መንበሩ የግል አድራሻ ከሆነም ችግሩ አልተፈታም፤ በሚቀጥለው ምርጫ ቁልፉ ከሰውየው ጋር አብሮ ይወጣልና።