አሮጌ ኮምፒውተር ወደ አገር ቤት ከመላካችን በፊት

አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ አሮጌ ዴስክቶፕ ልልክለት ስል የተሠራበትን ዓመት አየሁ፤ እ.ኤ.አ. 2003 ነው። ተውኩት።

ምክንያቱ የቦርዱ ብየዳ ነው። በዚያን ዘመን የተለመደው የኤሌክትሮኒክስ ብየዳ 37 በመቶው እርሳስ የተባለው ከባድ ብረት ነበር። ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ ማንንም አይጎዳም። ጣጣው የሚመጣው ተበላሽቶ ለቁራሌው ሲሸጥ ነው።

ቺፖቹን ለመንቀል ቦርዱን ከሰል ላይ ያሞቁታል። ብየዳው በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ የከሰል ፍም ግን ከዚያ በጣም ይበልጣል። ስለዚህ እርሳሱ ከጢሱና ከአመዱ ጋር ይወጣል። ጢሱ ይበተናል፣ አቧራው ግን ግቢው ውስጥ ይቀራል። እዚያ የሚጫወት ልጅ እጁን አፉ ውስጥ ሲከት ይውጠዋል። ሕፃናት ከሚውጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚገባው ከአዋቂ እስከ 5 እጥፍ ይደርሳል። የሚጎዳው አእምሮን ነው፤ ምልክቱ ቶሎ ስለማይታይ የሚያረጋግጠው የደም ምርመራ ነው። በአሮጌ ኒኬል ካድሚየም ባትሪ ውስጥ ያለው ካድሚየም ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2006 ጀምሮ በአብዛኛው አዲስ ዕቃ ላይ እርሳስን በ0.1 በመቶ ገድቧል። እኔም ከዚያ በፊት የተሠራውን እዚሁ ለከተማው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ መሰብሰቢያ አስረክቤ፣ ለወንድሜ አዲስ የሆነውን ላክሁለት።