ቢሊዮንኛዋ ሰከንድ መቼ ነበረች?

አብዛኛው ኮምፒውተር ጊዜን የሚይዘው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት ጀምሮ፣ በግሪንዊች ሰዓት፣ ሰከንድ እየቆጠረ ነው። 1,000,000,000 የሚል ቁጥር ቢገጥማችሁ በአንድ ቀን ሰከንዶች፣ በ86,400፣ አካፍሉት። 11,574 ቀን ይሆንና 6,400 ሰከንድ ይተርፋል፤ ትርፉ 1 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው።

ከቀኖቹ ላይ እስከ 2000 መጨረሻ ያሉትን 31 ዓመታት፣ ማለትም 11,323 ቀን፣ ቀንሱ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስምንቱን ባለ 366 ቀን ዓመታት ከረሳ መልሱ በስምንት ቀን ይዘገያል። ከቀረው 251 ቀን እስከ ኦገስት መጨረሻ ያለው 243 ሲወጣ 8 ይቀራል። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር ቀኑ ሴፕቴምበር 8 ሳይሆን 9 ቀን 2001 ነው።

ለአዲስ አበባ 3 ሰዓት ጨምሩ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነበር።