ስምንት ሠራተኛ፣ አንድ ውጤት

ፓይ የሚባለውን ቁጥር፣ ማለትም 3.14159 እያለ የሚቀጥለውን፣ በዕጣ ብቻ ማግኘት ይቻላል። ጎኑ 1 የሆነ ካሬ ውስጥ ሩብ ክብ ይሳላል። በካሬው ላይ አንድ ሚሊዮን ነጥቦች እንዳጋጣሚ ይበተናሉ። ሩብ ክቡ ውስጥ ያረፉት ተቆጥረው ለአንድ ሚሊዮን ይካፈሉና በ4 ይባዛሉ። ዘዴው ሞንቴ ካርሎ ይባላል፤ በ1940ዎቹ በአሜሪካው የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ስታኒስላው ኡላምና ጆን ቮን ኖይማን ያዳበሩት ነው። ዛሬ የኒውክሌር ማብለያን ባሕርይ ለማጥናትም፣ የወረርሽኝን ስርጭት ለመገመትም ያገለግላል። እዚህ የፓይን ስሌት የመረጥኩት ትክክለኛውን መልስ አስቀድመን ስለምናውቅ ነው፤ ስሕተት ቢገባ እናየዋለን።

ኮምፒውተር ግን ዕጣ አያወጣም። ዕጣ የሚመስሉትን ቁጥሮች የሚያመነጨው ፕሮግራም እያንዳንዱን ቁጥር ከቀደመው ሁኔታው አስልቶ ያወጣል። የመጀመሪያው ሁኔታ የሚገኘው ባለሙያዎች ሲድ ከሚሉት መነሻ ቁጥር ነው። ሲዱ አንድ ከሆነ የቁጥሮቹ ሰልፍም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነው። ይህ ጉድለት አይደለም። ሌላ ሰው ሙከራውን ደግሞ ያንኑ ውጤት እንዲያገኝ የሚያስችለው ይኸው ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሥራው ሲከፋፈል ነው። በሞንቴ ካርሎ ስሕተቱን ወደ አንድ አሥረኛው ለማውረድ መቶ እጥፍ ነጥብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰው ስምንት ኮር ያለው ማሽን ካገኘ ለስምንት ሠራተኞች፣ ማለትም ጎን ለጎን ለሚሄዱ ስምንት የፕሮግራሙ ቅጂዎች፣ ያከፋፍለዋል። እያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ነጥብ ይበትናል፤ መጨረሻ ላይ ይደመራል። በአንድ ሚሊዮን ነጥብ የተገመተ ፓይ ከእውነተኛው የሚርቀው በተለምዶ 0.0016 ያህል ነው። በስምንት ሚሊዮን ግን ርቀቱ ወደ 0.0006 ይወርዳል። ለስምንቱ ኮር የተከፈለው ዋጋ ጥቅም ይህ ነው።

አሁን ስምንቱም ሠራተኞች አንድ ሲድ ይዘው ተነሡ እንበል። የመጀመሪያው ከአንድ ሚሊዮኑ 785,700 ነጥብ ክቡ ውስጥ ያገኛል። ሁለተኛውም 785,700፣ ስምንተኛውም 785,700። ድምሩ 6,285,600 ይሆናል፤ ለስምንት ሚሊዮን ተካፍሎ በ4 ሲባዛ 3.1428 ይወጣል። ፕሮግራሙም ስምንት ሚሊዮን ነጥብ ቆጥሬአለሁ ብሎ ስሕተቱን 0.0006 ብሎ ይጽፋል። እውነቱ ግን የተበተነው አንድ ሚሊዮን ነጥብ ብቻ ነው፤ ሰባቱ ሠራተኞች የመጀመሪያውን ሥራ ገልብጠዋል። ግምቱ ራሱ አልተበላሸም፤ ለአንድ ሚሊዮን ነጥብ ያምራል። የተበላሸው የተማመንበት መጠን ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ከተሳሳተ መልስ ይበልጥ የሚያሰጋው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ውጤቱን አይቶ የሚጠራጠር አይኖርም።

እንዲህ ያለው ነገር እንዴት ይደርሳል? ሊኑክስ ላይ ፓይተን ለብዙ ዓመታት አዲስ ሠራተኛ የሚፈጥረው ዋናውን ፕሮግራም ከነማኅደረ ትውስታው በመቅዳት ነበር። ቁጥር አመንጪው የደረሰበት ሁኔታም አብሮ ይቀዳል። ስለዚህ የኖምፓይን የጋራ አመንጪ የሚጠቀሙ ሠራተኞች ሁሉ ከአንድ ቦታ ይነሣሉ። ሌላው ምክንያት ቀላል ነው፤ ሠራተኛው በሚያሠራው ፋይል አናት ላይ `np.random.seed(42)` ተብሎ ይጻፋል፣ እያንዳንዱም ሠራተኛ ያችኑ መስመር ያነባል። ሰዓትን ሲድ ማድረግም አያድንም። ሰዓቱ በሰከንድ ከተቆጠረ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የተነሡት ሁሉ ሲዳቸው አንድ ይሆናል።

ታዲያ ለየሠራተኛው እንዳጋጣሚ ሲድ ብንሰጥስ? በ32 ቢት ወደ 4.3 ቢሊዮን የተለያዩ ሲዶች አሉ፤ ሲታይ ብዙ ነው። ነገር ግን 23 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ የመሆን ዕድል ከግማሽ በላይ ነው፤ ሲድም እንደዚያው ነው። በ10,000 ሠራተኞች መካከል ቢያንስ ሁለቱ አንድ ሲድ የመያዝ ዕድላቸው ከመቶ 1.2 ያህል ነው። ሠራተኞቹ 77,000 ገደማ ሲደርሱ ዕድሉ ግማሽ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚመርጠው ዘዴ ደግሞ ዋናውን ሲድ ከሠራተኛው ቁጥር ጋር መደመር ነው። ዋናው 100 ከሆነ ሠራተኞቹ ከ100 እስከ 107 ይይዛሉ። በአንድ ሙከራ ውስጥ ሁለት ሠራተኛ አይጋጭም። ጉዳቱ የሚታየው ተመራማሪው ውጤቱን ለማረጋገጥ ዋናውን ሲድ 101 አድርጎ ሙከራውን ሲደግም ነው። አሁን ሠራተኞቹ ከ101 እስከ 108 ይይዛሉ፤ ከስምንቱ ሰባቱ የትናንቶቹ ናቸው። ሁለቱ ሙከራዎች ደስ በሚል መልኩ ይስማማሉ፤ ስምምነቱ ግን ምስክር አይሆንም፤ አንዱ ሰው ሁለት ጊዜ ነው የመሰከረው።

ኖምፓይ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው 1.17 ቅጂው ለዚህ መፍትሔ አቅርቧል። አንድ ዋና ሲድ ይሰጠዋል፤ እሱም ለየሠራተኛው የተለየ ልጅ ሲድ ይወልዳል።

```python
from numpy.random import SeedSequence, default_rng

root = SeedSequence(731904)
rngs = [default_rng(s) for s in root.spawn(8)]
```

`SeedSequence` ዋናውን ሲድና የልጁን ተራ ቁጥር አንድ ላይ አሽቶ ያደባልቃቸዋል። ድብልቁ 128 ቢት ስፋት አለው፤ የገባው ቁጥር በአንድ ቢት ቢቀየር ከሚወጡት ቢቶች በአማካይ ግማሹ ይቀየራሉ። ስለዚህ 731904 እና 731905 ጎረቤት ቢሆኑም ልጆቻቸው አይገናኙም። በእርግጥ ይህ ፍጹም ዋስትና አይደለም፣ የዕድል ጉዳይ ነው። ዕድሉ ግን ለአንድ ሚሊዮን ሠራተኞች እንኳ ከትሪሊዮን ትሪሊዮን አንድ አይሞላም። በሒሳብ የተረጋገጠ መለያየት የሚፈልግ ሌላ መንገድ አለው፤ አንዱን ረጅም ሰልፍ ቆራርጦ ማደል። የካናዳዊው ፒየር ሌኩዬ አመንጪ በዚህ መንገድ ይሠራል፤ በአር ቋንቋ `RNGkind("L'Ecuyer-CMRG")` ተብሎ ይጠራል። እያንዳንዱ ክፍል 2¹²⁷ ቁጥር ስለሚይዝ አንዱ ሠራተኛ እየቆጠረ የሌላው ድንበር ላይ አይደርስም።

አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሲዱን ለሠራተኛ ከሰጡት ውጤቱ በሠራተኛው ብዛት ይወሰናል፤ በስምንት ኮር የተሠራው በአራት ኮር ሲደገም ሌላ ቁጥር ይወጣል። አንዱ ቶሎ ጨርሶ የሌላውን ድርሻ በሚወስድበት አሠራር ደግሞ በዚያው ማሽን ላይ እንኳ ውጤቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ ሥራውን አስቀድሞ ለምሳሌ በ400 ቁራሽ ከፍሎ ሲዱን ለቁራሹ መስጠት ይሻላል። ቁራሽ 37ን የትኛውም ሠራተኛ ቢያነሣው ያንኑ የቁጥር ሰልፍ ይጠቀማል።

ምርመራው አያደክምም። ፕሮግራሙን የምትጽፉ ወይም የሌላ ሰው የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ድምሩን ከማየታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ቁራሽ የመጀመሪያ ሦስት ቁጥሮችና የየራሱን ውጤት አሳትሙ። ሁለት ረድፍ ፍጹም አንድ ከሆነ ሲዱ ተደግሟል። የቁራሾቹ ውጤቶች እርስ በርስ የሚራራቁበትን መጠንም ከሚጠበቀው ጋር አስተያዩ፤ በፓይ ምሳሌያችን በአንድ ሚሊዮን ነጥብ 0.0016 ያህል መሆን ሲገባው ዜሮ ከሆነ ስምንቱ አንድ ናቸው ማለት ነው። ከውጤቱ ጋር ደግሞ ዋናውን ሲድ፣ የቁራሾቹን ብዛትና የኖምፓይን ቅጂ ቁጥር መዝግቡ፤ አዲስ ቅጂ ሲወጣ ከአንዱ ሲድ የሚመነጨው የቁጥር ሰልፍ ሊቀየር ይችላልና።