የተቆለፈ ፕሮፋይል ለማን ምን ያሳያል?

ዳባት ተወልዶ ያደገ፣ ደባርቅ የሚሠራ አንድ አስጎብኚ እናስብ። ለምሳሌ ያህል የፈጠርነው ሰው ስለሆነ ስም አንሰጠውም። ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገባ ጎብኚ መጀመሪያ ደባርቅ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፤ አስጎብኚና ስካውት የሚይዘውም እዚያው ነው። የውጭ አገር እንግዳ ግን ከመምጣቱ በፊት አስጎብኚውን በስልኩ ይፈልገዋል። ስለዚህ ይህ ሰው የሳንቃበርና የጭንቅ ፎቶዎቹን፣ የጭላዳ መንጋውንና የዋልያውን፣ የማያውቀው ሰው ሁሉ እንዲያይለት ይፈልጋል። የእናቱን ቤት፣ የልጁን ክርስትና፣ የወንድሙን ሰርግ ደግሞ ለዘመድ ብቻ ማቆየት ይሻል። ሁለቱም ያሉት በአንድ የፌስቡክ አካውንት ውስጥ ነው።

አካውንቱን ሦስት ዓይነት ሰው ያየዋል። የመጀመሪያው ራሱ የፌስቡክ አካውንት ያለው፣ ግን ጓደኛው ያልሆነ እንግዳ ነው። ሁለተኛው ተከታይ ነው። ሦስተኛው ምንም አካውንት ሳይከፍት፣ በጉግል ፈልጎ ወይም ሊንክ ተልኮለት በብራውዘር የሚመጣ ነው። ብዙ ሰው ፕሮፋይል አንድ በር ያለው፣ ወይ ክፍት ወይ ዝግ የሚሆን ነገር ይመስለዋል። አሠራሩ እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱ ፖስት፣ እያንዳንዱ ፎቶ፣ የትውልድ ቦታና የጓደኞች ዝርዝር ሳይቀር ለየብቻቸው የተመልካች ምርጫ አላቸው። «Public» ለሁሉም፣ «Friends» ለጓደኛ ብቻ፣ «Only me» ለባለቤቱ ብቻ ማለት ነው።

የትኛውንም ቢመርጥ የማይደበቁ ነገሮች ግን አሉ። ስሙ፣ አሁን ያለው የፕሮፋይል ፎቶ፣ ከላይ የሚዘረጋው የሽፋን ፎቶና የአካውንቱ መለያ ስም ሁልጊዜ ለሁሉም ክፍት ናቸው። በእኛ አገር ይህ ከሌላው ዓለም የበለጠ ይናገራል። ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም፣ አንዳንዴም በአያቱ ጨምሮ ነውና ስሙን ያየ እንግዳ የአባቱን ስም አብሮ አወቀ ማለት ነው። በዚያ ላይ የትውልድ ቦታው «ዳባት» ተብሎ ለሁሉም ከተከፈተ፣ ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ የማን ልጅ እንደሆነና የት ሰፈር እንደሚኖር ለማወቅ አንድ ስልክ መደወል ይበቃል። የሽፋን ፎቶው ላይ ደግሞ ቤተሰቡን ሰብስቦ ከቤቱ ደጃፍ የተነሳው ካለ፣ ያም የሚታየው ለዓለም ሁሉ ነው።

አስጎብኚያችን ሁሉን ለሁሉም ክፍት ካደረገ፣ እንግዳው ፖስቶቹንና ፎቶዎቹን ብቻ ሳይሆን ከሥራቸው ያለውን አስተያየትም ያነባል። እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህን ነው። እሱ ራሱ ስለ ቤቱ አንድም ቃል ሳይጽፍ አክስቱ «የእትዬ እገሊት ልጅ፣ እንኳን ከገደብዬ በሰላም ገባህ» ብላ ትጽፋለች፤ እህቱ የልጁን ስም ትጠራለች፤ የሥራ ባልደረባው ነገ ከስንት እንግዳ ጋር ወደ ግጭ እንደሚወጣ ይጠይቀዋል። የአስተያየትን ተመልካች የሚወስነው የፖስቱ ባለቤት ስለሆነ፣ ለሁሉም በተከፈተ ፖስት ሥር የተጻፈው ሁሉ አብሮ የተከፈተ ነው።

አካውንት የሌለው ጎብኚ የሚያየው ከዚህ ያነሰ ነው። ፌስቡክ ትንሽ ካሳየው በኋላ ግባ ወይም ተመዝገብ የሚል መጋረጃ ያወርድበታል። ነገር ግን ይህ መጋረጃ የኩባንያው የንግድ ምርጫ እንጂ የአስጎብኚው ጥበቃ አይደለም። ለሁሉም የተከፈተ ፖስት ሊንኩ ከተላከ ያለ አካውንት ሊከፈት ይችላል። ፕሮፋይሉን ከጉግል ፍለጋ የሚያስወጣ ራሱን የቻለ ምርጫ ቅንብሩ ውስጥ አለ፤ ሲዘጋም ፍለጋው ወዲያው አያቆምም፤ ጉግል የያዘው አሮጌ ቅጂ እስኪታደስ ድረስ ይቆያል።

ተከታይን በተመለከተ የሚደርሰው መዘናጋት የበለጠ ነው። ፌስቡክ ላይ አንድ ሰው የጓደኝነት ጥያቄ ሲልክ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተከታይ ሊሆን ይችላል። አስጎብኚው ተከታይን ለሁሉም ከፈቀደና ጥያቄውን መልስ ሳይሰጥ ካሳደረው፣ ያ ሰው ጓደኛ ሳይሆን ለሁሉም የተከፈቱትን ፖስቶች በየቀኑ በራሱ ገጽ ላይ ይቀበላል። ለጓደኛ ብቻ የተባለውን አያይም። ከእንግዳው የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ እንግዳው ፈልጎ መምጣት አለበት፤ ለተከታዩ ግን ፖስቱ ራሱ ይሄድለታል። በቲክቶክና በኢንስታግራም ነገሩ ይለያል። እዚያ አካውንቱ የግል ከተደረገ ተከታይ የሚሆነው ባለቤቱ የፈቀደለት ብቻ ነው፤ የተፈቀደለትም ቪዲዮውንና ፎቶውን ያያል። ያልተፈቀደለት የሚያየው ስሙን፣ የፕሮፋይል ፎቶውን፣ ስለ ራሱ የጻፈውን አጭር ቃልና የተከታዮቹን ቁጥር ነው። ያቺ አጭር ቃል ውስጥ የስልክ ቁጥር የሚጽፍ ሰው ብዙ ስለሆነ አካውንቱ ተዘግቶ ቁጥሩ ክፍት ይቀራል።

አሁን አስጎብኚው «ከዛሬ ጀምሮ ለጓደኛ ብቻ» ብሎ ወሰነ እንበል። ይህ ምርጫ የሚሠራው ለሚመጣው ፖስት ነው፤ ያለፈው ባለበት ይቆያል። ፌስቡክ ለአዲስ ተጠቃሚ የመጀመሪያውን ፖስት ለጓደኛ ብቻ ማድረግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ከዚያ በፊት የብዙ አዲስ ተጠቃሚዎች ፖስት መነሻው ለሁሉም ነበር። ስለዚህ የተማሪነት ዘመኑ ፎቶዎች እስካሁን ክፍት ሊሆኑ ይችላሉ። ለዚህ «Limit past posts» የሚባል ቁልፍ አለ፤ ለሁሉም የነበሩትን አሮጌ ፖስቶች በአንድ ጊዜ ለጓደኛ ብቻ ያደርጋቸዋል። በአንድ ጊዜ መልሶ መክፈት ግን አይቻልም፤ ለሁሉም የሚፈልጋቸውን የተራራ ፎቶዎች አንድ በአንድ መክፈት ይኖርበታል።

ሌላው ወጥመድ ምርጫው የመጨረሻውን ማስታወሱ ነው። ሰው ሞቶ መርዶ ለሁሉም እንዲደርስ «Public» ብሎ ይለጥፋል። ከሳምንት በኋላ የልጁን የልደት ፎቶ ሲለጥፍ ያው ምርጫ እዚያው ጠብቆት ይገኛል። ይህን ለማየት ከመለጠፍ በፊት ከስም ሥር ያለችውን ትንሽ ምልክት መመልከት ብቻ ይበቃል፤ የምድር ሉል ከሆነች ለሁሉም፣ ሁለት ሰው ከሆነች ለጓደኛ ነው። ኩባንያው ራሱም እዚህ ላይ ተሳስቷል። በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. በሶፍትዌር ስህተት የ14 ሚሊዮን ሰዎች አዲስ ፖስት መነሻ ምርጫ ለቀናት «Public» ሆኖ ነበር።

ሁሉን ለሁሉም ከመክፈትና ለጓደኛ ብቻ ከማድረግ ቀጥሎ ሦስተኛው ደረጃ መቆለፍ ነው። «Lock profile» የሚባለው ቁልፍ እ.ኤ.አ. በ2020 በሕንድ ተጀምሮ ኋላ ኢትዮጵያም ገብቷል። ሲቆለፍ ለሁሉም የነበረው ፖስት ሁሉ ለጓደኛ ብቻ ይሆናል፤ እንግዳ የፕሮፋይሉን ፎቶ በትንሹ ያያል እንጂ አስፍቶ ማየት አይችልም፤ ከዚያ በኋላም ለሁሉም ብሎ መለጠፍ አይቻልም። ተከታይ ካለው፣ ተከታዮቹ አዲስ ነገር አይደርሳቸውም ማለት ነው። ለአስጎብኚያችን ይህ የሥራ በሩን መዝጋት ይሆንበታል።

ቢቆልፍም የሚያመልጠው አለ። በአንድ የዜና ገጽ ሥር የጻፈው አስተያየት ለሁሉም እንደተከፈተ ይቀራል። ጓደኛው በክፍት ፖስት ታግ ቢያደርገው ፖስቱን የሚያዩት የጓደኛው ተመልካቾች ናቸው፤ ታግን የማጽደቅ ምርጫ የሚጠብቀው የራሱን ገጽ ብቻ ነው። የጓደኞቹን ዝርዝር ቢደብቅም የጋራ ጓደኛ ላለው ሰው የጋራዎቹ ይታያሉ፤ የወንድሙ ዝርዝር ክፍት ከሆነም እሱ እዚያ ውስጥ ይገኛል።

የስልክ ቁጥርም እንዲሁ ነው። ቁጥርን ከገጽ መደበቅ አንድ ምርጫ ነው፤ በቁጥሬ ፈልጎ ማን ያግኘኝ የሚለው ሌላ ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 የ533 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎች መረጃ ከነስልክ ቁጥራቸው ኢንተርኔት ላይ ተገኘ። የተለቀመው ቀደም ብሎ፣ ብዙ ቁጥሮችን እያስገቡ ማን እንደሚወጣ በማየት ነበር። አየርላንድ በ2022 እ.ኤ.አ. በዚህ ምክንያት ኩባንያውን 265 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣችው። ቴሌግራምም ሁለቱን ይለያል፤ ቁጥርዎን ማን ያየዋል እና በቁጥርዎ ማን ያገኝዎታል ተብለው ለየብቻ ተቀምጠዋል።

መቆለፍ የማይደርስበት ሌላ ቦታ አለ፤ እሱም ሌላ ሰው ስለ እርስዎ የሚጽፈው ነው። በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ፎቷቸውና ማንነታቸው በጥላቻ ቃል ታጅቦ በሌሎች እጅ ፌስቡክ ላይ ተለጠፈ፤ በኅዳር 3 ቀን እ.ኤ.አ. ቤታቸው አቅራቢያ ተገደሉ። ልጃቸው በኩባንያው ላይ ናይሮቢ ፍርድ ቤት ክስ መሥርቷል። እንዲህ ያለውን ፖስት ማስቆም የሚችለው ሪፖርት ሲደረግለት በፍጥነት የሚያነሳ ኩባንያ እንጂ የሟቹ የራሳቸው ቅንብር አይደለም።

ለአስጎብኚያችን የምመክረው ሥራውን ከቤቱ እንዲለይ ነው። ለጉዞና ለተራራ ፎቶዎች ፔጅ ይክፈት፤ የስልክ ቁጥሩን፣ ዋጋውንና የፈቃድ ካርዱን እዚያ ያስቀምጥ፤ የራሱን ፕሮፋይል ይቆልፍ። ከዚያ አካውንቱን ሳይዘጋ በብራውዘሩ የግል መስኮት ከፍቶ የራሱን ስም አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በላቲን ፊደል በጉግል ይፈልግ፤ አካውንት የሌለው ሰው የሚያየውን ያገኛል። በፕሮፋይሉ ላይ ሦስቷን ነጥብ ነክቶ «View as» ሲል ደግሞ እንግዳ የሚያየው ይታየዋል።

እርስዎም ዛሬ ማታ ይህንኑ ያድርጉ። ከአሮጌዎቹ የፕሮፋይልና የሽፋን ፎቶዎች ይጀምሩ፤ ከሥራቸው ያሉትን የዘመድ አስተያየቶች እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ የቤትዎን፣ የልጅዎን ወይም የትምህርት ቤቱን ስም የያዘ ካገኙ ፎቶውን ለጓደኛ ብቻ ያድርጉት።