ስምንት ቤት፣ አንድ ጀነሬተር

ጎረቤቶቼ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር በየበራችን የሚያጓራው ትንሽ የቤንዚን ጀነሬተር ገንዘባችንን የሚበላው ብዙ መብራት ስለሚሰጠን አይደለም፤ እንዲያውም ጥቂት ስለምንጠቀምበት ነው። የተለመደው ዓይነት ጀነሬተር 50 ኸርዝ የሆነ ኤሌክትሪክ ለመስጠት በደቂቃ 3,000 ጊዜ መሽከርከር አለበት። አንድ አምፖል ቢበራም፣ ቤቱ በሙሉ ቢበራም ፍጥነቱ ያው ነው። ስለዚህ የነዳጁ ትልቁ ክፍል የሚያልቀው ሞተሩን ለማዞር ብቻ ነው፤ አንድ ተሳፋሪ ይዞ መስመሩን ሙሉ እንደሚጓዝ ሚኒባስ ማለት ነው። ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ አራት አምፖልና የስልክ ቻርጀር ያለው ቤት በአማካይ 300 ዋት ገደማ ይጠቀማል። ይህን ጭነት ብቻውን የተሸከመ ባለ 2.5 ኪሎዋት የቤንዚን ጀነሬተር በሰዓት 0.6 ሊትር ያህል ያቃጥላል። ሒሳቡ እንዲቀለን ቤንዚኑንም ናፍጣውንም በሊትር 120 ብር ብንይዝ፣ ለአንድ ሰዓት 72 ብር ከፍለን ያገኘነው 0.3 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 240 ብር ወጣበት ማለት ነው።

አሁን ስምንታችን በአንድ ባለ 5 ኪሎዋት የናፍጣ ጀነሬተር ላይ ብንሆንስ? የስምንቱ ቤት አማካይ ጭነት 2.4 ኪሎዋት ይሆናል፤ ከአቅሙ ግማሽ ገደማ፣ ለናፍጣ ሞተር የሚመች መጠን ነው። የቀረው ግማሽም ትርፍ አይደለም፤ ፍሪጅ ሲነሳ ለአፍታ ከተለመደው ፍጆታው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ቦታ ይፈልጋል። በዚህ ጭነት ሞተሩ በሰዓት 1.2 ሊትር ቢያቃጥል፣ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ግማሽ ሊትር፣ ማለትም 60 ብር ይወጣል። በየቤታችን ብናስነሳ ግን በዚያው ሰዓት 4.8 ሊትር እናቃጥላለን።

«የእኔ ቤት ትንሽ ናት፤ የሌላውን ፍሪጅ ለምን እከፍላለሁ?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ ተገቢ ነው። መልሱ በየቤቱ መስመር ላይ የሚገጠም ቆጣሪ ነው። በወር 40 ሰዓት ብናስነሳ 48 ሊትር፣ 5,760 ብር ይወጣል፤ ቆጣሪዎቹም በድምሩ 96 ኪሎዋት ሰዓት ያሳያሉ እንበል። ሁለት አምፖልና ሬዲዮ ብቻ የምታበራ እናት 3 ኪሎዋት ሰዓት ከተጠቀሙ 180 ብር ይከፍላሉ። ትልቅ ፍሪጅ ያለው 18 ከተጠቀመ 1,080 ይከፍላል። የቀሩት ስድስት ቤቶች 75ቱን ተጠቅመው 4,500 ብር በየድርሻቸው ይከፍላሉ። የዘይትና የፊልትሮ ወጪ ግን በእኩል ይከፈል፤ ሞተሩ የሚያረጀው በሠራበት ሰዓት ልክ ነውና።

«ነዳጁን የያዘው ሰው ቢያጎድልስ?» የሚለው ስጋትም ከዚሁ ስሌት መልስ ያገኛል። በየወሩ የተሞላው ሊትር ለቆጣሪዎቹ ድምር ተካፍሎ በር ላይ ይለጠፍ። ቁጥሩ 0.5 አካባቢ ከቆየ ነገሩ ደህና ነው። ወደ 0.7 ከወጣ ወይ ናፍጣ ጎድሏል፣ ወይ የአየር ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ወይ ደግሞ ጥቂት ቤት ብቻ በርቶ ሞተሩ ሲሽከረከር አምሽቷል። የመጨረሻው በብዛት የሚያጋጥም ነው። ሌሊት ሁለት ፍሪጅ ብቻ ቀርቶ ሞተሩ ቢሠራ የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ጭነት ያጣ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ያልነደደ ናፍጣ በጭስ ማውጫው ላይ እየከመረ ራሱን ይጎዳል። ስለዚህ የማስነሻና የማጥፊያ ሰዓት መቁረጥ ይኖርብናል። ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ብንል ፍሪጁ ካልተከፈተ ከጠፋ በኋላም ለተወሰኑ ሰዓታት ቀዝቃዛነቱን ይይዛል።

ይህ ስምምነት የማይፈታውን ነገርም ልናገር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚፈልግ በጀነሬተሩ ሰዓት እንጀራ አይጋገርም። አንዱ ቤት በድብቅ ቢሰካው የሁሉም ይጠፋል፤ ስለዚህ በየመስመሩ ላይ ከ10 አምፒር የማይበልጥ መቁረጫ ይገጠም። ሁለተኛው ነገር ገንዘብ አይደለም፤ ሕይወት ነው። ጀነሬተሩ ከመንግሥት መስመር ጋር የሚገናኘው ሁለቱን በአንድ ጊዜ በማያገናኝ ማቀያየሪያ ብቻ መሆን አለበት። ያለዚያ የእኛ 220 ቮልት በትራንስፎርመሩ ወደ ኋላ ሄዶ 15,000 ቮልት ይሆንና መብራት ሊጠግን ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ይገድላል። ጭሱም ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ስላለበት ማሽኑ ከመስኮት ርቆ ሜዳ ላይ ይቀመጥ፤ ጋራዥ ውስጥ በፍጹም አይገባም።

ገንዘቡን በእቁብ መልክ ማዋጣት እንችላለን። ዛሬ ግን ከመግዛታችን በፊት እያንዳንዱ ቤት የሚያበራቸውን ዕቃዎች ከነዋታቸው ጽፎ ያምጣ፤ የምንገዛው ማሽን መጠን የሚወሰነው በእሱ ነው።