አንዲት ፊደል፣ ሦስት ዕጣ

እ.ኤ.አ. በ1949 ላይነስ ፖውሊንግና ባልደረቦቻቸው የሲክል ሴል ሕሙማንን ሄሞግሎቢን ከጤናማ ሰዎች ሄሞግሎቢን ጋር በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ አወዳደሩ። ሁለቱ እኩል አልተጓዙም፤ የሕሙማኑ ሄሞግሎቢን የኤሌክትሪክ ሙል የተለየ ነበር። በሽታው የሚመነጨው ከአንድ ፕሮቲን አሠራር መሆኑ በዚህ ታወቀ። ልዩነቱ የቱ ጋ እንዳለ ግን ገና አልተገኘም ነበር።

መልሱን እንግሊዝ አገር ኬምብሪጅ ውስጥ ያገኙት ቨርነን ኢንግራም ናቸው። ኢንግራም ሄሞግሎቢኑን ትሪፕሲን በሚባል ኢንዛይም ቆራርጠው ቁርጥራጮቹን በወረቀት ላይ በተኗቸው። ከጤናማውና ከታማሚው የተገኙት ነጠብጣቦች ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ከአንዱ በቀር ሁሉም ተመሳሳይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ያ አንድ ነጠብጣብ ተፈትሾ ውጤቱ ይፋ ሆነ፦ ቤታ ግሎቢን ከሚባለው የሄሞግሎቢን ሰንሰለት 146 አሚኖ አሲዶች መካከል ስድስተኛው ብቻ ተቀይሯል። ግሉታሚክ አሲድ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ቫሊን ገብቷል።

ይህ ቅያሪ ከዘረመሉ አንዲት ፊደል በመለወጧ የመጣ ነው። እንዲህ ያለው ለውጥ ነጥባዊ ሚውቴሽን ይባላል። በፕሮቲኑ ላይ በሚያስከትለው ነገር ደግሞ በሦስት ይከፈላል፦ ሳይለንት፣ ሚስሴንስ እና ኖንሴንስ። የቤታ ግሎቢን ዘረመል ሦስቱንም ይዟል፤ በእርሱ በኩል ማየቱ ይቀላል።

ከአንድ ቃል ሦስት መንገድ

ዘረመል የሚጻፈው A፣ T፣ G እና C በሚባሉ አራት ፊደላት ነው። ሕዋስ የሚያነበው ሦስት ሦስት ፊደል እየወሰደ ሲሆን እያንዳንዱ ባለ ሦስት ፊደል ቃል ኮዶን ይባላል። ከ64ቱ ኮዶኖች 61ዱ አሚኖ አሲድ ይጠራሉ። የቀሩት ሦስቱ፣ TAA፣ TAG እና TGA፣ አሚኖ አሲድ አይጠሩም፤ ፕሮቲኑ እዚህ ላይ ያብቃ የሚሉ ማቆሚያዎች ናቸው። አሚኖ አሲዶቹ 20 ብቻ ስለሆኑ አብዛኞቹ ከአንድ በላይ ኮዶን አላቸው።

የተጠናቀቀው የቤታ ግሎቢን ሰንሰለት የመጀመሪያዎቹ ስምንት ኮዶኖች እነዚህ ናቸው፦

```
GTG CAT CTG ACT CCT GAG GAG AAG
```

ስድስተኛው GAG ግሉታሚክ አሲድን ይጠራል። ሦስተኛ ፊደሉ ወደ A ቢለወጥ GAA ይሆናል፤ GAA የሚጠራውም ያንኑ ግሉታሚክ አሲድ ነው። አሚኖ አሲዱን የማይቀይር እንዲህ ያለ ለውጥ ሳይለንት ወይም ድምፅ አልባ ይባላል። መካከለኛው ፊደል ወደ T ቢለወጥ GTG ይሆንና ቫሊን ይገባል። ይህ አንዱን አሚኖ አሲድ በሌላ የሚተካው ሚስሴንስ ሲሆን የሲክል ሴል ለውጥም ይኸው ነው። የመጀመሪያው ፊደል ወደ T ቢለወጥ ግን TAG፣ ማለትም ማቆሚያ ይመጣል። ሰንሰለቱን ያለ ጊዜው የሚያቋርጠው ይህ ለውጥ ኖንሴንስ ይባላል።

ስሞቹ የሚነግሩን ኮዶኑ ምን እንደሆነ ነው። ሰውየው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ግን ለውጡ የት ቦታ እንዳረፈና ምን እንደነካ ማየት ያስፈልጋል።

ቦታው የሚወስነው ሚስሴንስ

ግሉታሚክ አሲድ አሉታዊ ሙል ያለው፣ ከውኃ ጋር የሚስማማ አሚኖ አሲድ ነው። ስድስተኛው ቦታ በሄሞግሎቢኑ ገጽ ላይ፣ በሕዋሱ ውስጥ ካለው ውኃ ጋር በሚነካካበት በኩል ይገኛል። ቫሊን ደግሞ እንደ ዘይት ከውኃ የሚሸሽ ነው። ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅን ተሸክሞ ሳለ ይህ ብዙ ችግር አያመጣም። ኦክስጅኑን ለሰውነት ሲያስረክብ ግን ቅርጹ ይለወጥና በቤታ ሰንሰለቱ ላይ ቫሊን የሚገጥምበት ጎድጓዳ ስፍራ ይከፈታል። የአንዱ ሄሞግሎቢን ቫሊን በጎረቤቱ ጎድጓዳ ስፍራ ይሰካል፤ ያም ከሌላው ጋር ይያያዛል። እየተያያዙ ሲሄዱ ረጃጅምና ጠንካራ ዘንጎች ይሠራሉ።

ዘንጎቹ ቀዩን የደም ሕዋስ ከውስጥ ይገፉትና እንደ ማጭድ ያጎብጡታል። የደነደነው ሕዋስ በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ማለፍ ሲያቅተው ደም ይታገዳል፤ ሕሙማኑን የሚያሠቃየው ከባድ ሕመም የሚመጣው ከዚህ ነው። ጤናማ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ሲኖር እነዚህ ከ10 እስከ 20 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈርሳሉ፤ የደም ማነሱም ይከተላል። ለውጡን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ጤናማ ሄሞግሎቢንም ስለሚሠራ ዘንጎቹ በቀላሉ አይበረክቱም፤ እንዲህ ያለው ተሸካሚ አብዛኛውን ጊዜ አይታመምም።

በዚሁ በስድስተኛው ኮዶን ላይ ሌሎች ሚስሴንሶችም ታውቀዋል። GAG ወደ AAG ሲለወጥ ላይሲን ይገባና ሄሞግሎቢን ሲ ይፈጠራል። ከሁለቱም ወላጅ ቢወረስ እንኳ የሚያመጣው የደም ማነስ ቀለል ያለ ነው። ወደ GCG ሲለወጥ ደግሞ አላኒን ይገባል፤ ይህ ሄሞግሎቢን በኢንዶኔዥያ ከተማ ስም ጂ-ማካሳር ይባላል። አላኒን ትንሽ በመሆኑ እንደ ቫሊን አጥብቆ አይያያዝም፤ ሕዋሱም ማጭድ አይሆንም። ሦስቱም ሚስሴንስ ናቸው፤ ሦስቱም በአንድ ኮዶን ላይ ናቸው፤ የሚያስከትሉት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ኖንሴንስ ፕሮቲኑን የሚያሳጣው እንዴት ነው?

በጣሊያን ሰርዲኒያ ደሴት ከሚገኙት የቤታ ታላሴሚያ መንስኤዎች እጅግ የሚበዛው በ39ኛው ኮዶን ላይ ያለ ኖንሴንስ ነው። CAG ወደ TAG ተለውጦ ሰንሰለቱ ከ38 አሚኖ አሲድ በኋላ ይቆማል። አንባቢ በሕሙማኑ ደም ውስጥ 38 አሚኖ አሲድ ያለው ቁራጭ ይገኛል ብሎ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ቁራጩ አይገኝም።

ምክንያቱ የሕዋሱ ቁጥጥር ነው። ዘረመሉ ፕሮቲን ከመሆኑ በፊት መልእክተኛ አርኤንኤ ወደሚባል ቅጂ ይገለበጣል። በቅጂው መካከል የማያስፈልጉ ክፍሎች ተቆርጠው ይወጡና የሚያስፈልጉት ይገጣጠማሉ፤ በመጋጠሚያዎቹም ላይ ምልክት ያደርጋሉ የተባሉ ፕሮቲኖች ይቀመጣሉ። በደህናው ቅጂ ማቆሚያው የሚመጣው ከመጨረሻው መጋጠሚያ በኋላ ነው። ማቆሚያው ቀድሞ ከመጣና ከፊቱ ገና መጋጠሚያ ካለ፣ ሕዋሱ ቅጂውን እንደ ብልሹ ቆጥሮ ያጠፋዋል። ስለዚህ ከዚያ ዘረመል ቤታ ግሎቢን አይገኝም።

ከሁለቱም ወላጅ ይህን የወረሰ ልጅ አልፋ ግሎቢን የሚባለውን ሌላውን ሰንሰለት እንደ ወትሮው ይሠራል፤ የሚጣመረው ቤታ ግን የለም። የተረፈው አልፋ በሕዋሱ ውስጥ ይከማችና ገና በመቅኒ ውስጥ በማደግ ላይ ያሉትን የደም ሕዋሳት ያበላሻል። ልጁ በየጊዜው ደም ካልተሰጠው መኖር ያዳግተዋል፤ ከሚሰጠው ደም የሚጠራቀመው ብረትም በመድኃኒት መወገድ አለበት። ለውጡን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ግን ሌላው ዘረመሉ ስለሚሠራለት የሚያየው መጠነኛ የደም ማነስ ነው።

አሁን ከመጨረሻው መጋጠሚያ በኋላ ያለውን 121ኛውን ኮዶን እንመልከት። እዚያ GAA ወደ TAA ሲለወጥ ማቆሚያው ከቁጥጥሩ ያመልጣል፤ ቅጂው አይጠፋም። 120 አሚኖ አሲድ ያለው፣ ከሙሉው ብዙ ያላነሰ ሰንሰለት ይሠራል። ከ38ቱ ይልቅ ይህ የሚሻል ይመስላል፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ያልተሟላው ሰንሰለት በትክክል መታጠፍ አይችልም፤ ተጠራቅሞ ሕዋሱን ይጎዳል። በዚህም የተነሳ ለውጡን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው እንኳ ሊታመም ይችላል። ብልሹ ፕሮቲን ከመኖሩ ጭራሹን አለመኖሩ የሚሻልበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ድምፅ አልባው ድምፅ ሲያወጣ

በሁለተኛው ኮዶን CAT ወደ CAC የተለወጠባቸው ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው። ሁለቱም ሂስቲዲንን ስለሚጠሩ ፕሮቲኑ ያው ነው፤ ሰዎቹም ጤናማ ናቸው። ሳይለንት ሚውቴሽን በአብዛኛው እንዲህ ነው።

24ኛው ኮዶን ግን ጥንቃቄ ያስተምራል። እዚያ GGT ወደ GGA ሲለወጥ ሁለቱም ግላይሲንን ይጠራሉ፤ በኮዶን ሰንጠረዥ ብቻ የሚፈርድ ሰው ምንም ችግር የለም ይላል። ለውጡ ያረፈበት ስፍራ ግን ቅጂው የሚቆረጥበትን ምልክት የሚመስል ፊደላት ያሉበት ነው። አንዲቷ ፊደል ያን ተመሳሳይነት ታጠናክረዋለች፤ ሕዋሱም ብዙውን ቅጂ ያለ ቦታው ይቆርጣል። በትክክል የተቆረጠው ጥቂቱ ደህና ቤታ ግሎቢን ይሰጣል፤ መጠኑ ግን ስለማይበቃ ታላሴሚያ ይከተላል። ፕሮቲኑ ሳይቀየር መጠኑ ብቻ ቀንሶ በሽታ መጣ።

በምን ይለያል?

ፖውሊንግ የተጠቀሙበት የኤሌክትሪክ ዘዴ፣ ኤሌክትሮፎሬሲስ፣ ዛሬም በደም ምርመራ ቤቶች ያገለግላል። የሚያየው ግን የሙል ልዩነትን ብቻ ነው። ሳይለንት ለውጥ አይታየውም። አላኒንም እንደ ቫሊን ሙል ስለሌለው በተለመደው ምርመራ ጂ-ማካሳር ከሲክል ሄሞግሎቢን ጋር አብሮ ይጓዛል፤ በዚያ ብቻ የፈረደ ባለሙያ ጤናማውን ሰው ሕመምተኛ ሊለው ይችላል።

ለሲክል ሴል ዘረመሉን በቀጥታ የሚፈትሽ ዘዴም ተገኝቷል። ኤምኤስቲ ሁለት የሚባለው ኢንዛይም ዲኤንኤን የሚቆርጠው CCTGAGG የሚለውን ፊደላት ሲያገኝ ነው። ይህ በጤናማው ዘረመል ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ኮዶን ድረስ አለ። A ወደ T ሲለወጥ CCTGTGG ይሆንና ኢንዛይሙ ሳይቆርጥ ያልፋል። ጤናማው ዘረመል 1,150 ያህል ፊደል ያለው ቁራጭ ሲሰጥ የሲክሉ 1,350 ያህል ያለው ይሰጣል፤ ተሸካሚው ሁለቱንም ያሳያል። ሌሎቹን ለውጦች ለማወቅ ዛሬ የዘረመሉን ፊደላት በቅደም ተከተል ማንበብ የተሻለው መንገድ ነው።

ይህ ሁሉ እውቀት ለሕክምናም በር ከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የዴቪድ ሊዩ የምርምር ቡድን አንዲት ፊደል በሚቀይር መሣሪያ የሲክል ሴልን ዘረመል በአይጦች ላይ አረመ። መሣሪያው T ን ወደ C እንጂ ወደ ቀድሞው A መመለስ አይችልም። ስለዚህ GTG ወደ GAG አልተመለሰም፤ GCG ሆነ። GCG ደግሞ ጂ-ማካሳር ነው። ተመራማሪዎቹ ጎጂውን ሚስሴንስ ጉዳት በሌለው ሚስሴንስ ተኩ፤ የአይጦቹም የደም ሁኔታ ተሻሻለ። ይህን መንገድ መምረጥ የቻሉት ሁለቱ ለውጦች አንድ ስም ቢኖራቸውም፣ በስድስተኛው ቦታ ላይ ቫሊን የሚሠራውን አላኒን እንደማይሠራ አስቀድሞ ይታወቅ ስለነበር ነው።